ሥዕሉን ስሸፍነው

አምስት ከአምስት። የልጁን ወረቀት አርሜ ስጨርስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። 10 ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር እንዳለበት በባለሙያ ታይቶ የታወቀው በዚያው ዓመት ነበር። እኔም ለእሱ ብዬ የንባብ ትምህርቱን አስተካክዬ ነበር። ምንባቡን አሳጠርኩ፣ ከላዩ ትልቅ ባለቀለም ሥዕል ጨመርኩ፣ 10 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠሁት። እና ይኸው አምስቱንም መለሰ።

በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳላስበው ክንዴ ሥዕሉ ላይ አርፏል። "እስኪ ይቺን መስመር አንብብልኝ" አልኩት። "ንብ" የሚለውን አነበበ። ቀጣዩ ቃል ላይ ቆመ። ጣቱን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ ክንዴን ቀስ አድርጎ ገፋና ሥዕሉን አየ። "ንቧ ለጓደኞቿ አበባው ሩቅ እንደሆነ ትነግራቸዋለች" አለኝ። ትክክል ነው፣ ምንባቡ የሚናገረው ስለዚያ ነው። ጣቱ ያረፈበት መስመር ግን እንደዚያ አይልም።

ያኔ ነው የገባኝ። አምስቱንም ጥያቄ የመለሰው ከሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ላይ ቀፎው አለ፣ ፀሐይዋ አለች፣ ሩቅ ቦታ ላይ አበባው አለ፣ በመካከላቸው ቀስት ተሰምሯል። ብልህ ልጅ ስለሆነ ያንን ዓይቶ ታሪኩን ገጣጠመው። እኔ ንባቡን እንዲደርስበት መንገድ የጠረግኩለት መስሎኝ ነበር። የከፈትኩለት ግን ከንባቡ የሚያመልጥበትን በር ነው። ክፋቱ ደግሞ ውጤቱ ጥሩ ስለነበር ክንዴ ባይሸፍነው ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ልቀጥል እችል ነበር።

ያንን አንድ ትምህርት እንደገና ሰራሁት። ርዕሱ ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው። ምን እንደቀየርኩ፣ ለምን እንደቀየርኩ እና የቱ እንዳልሰራ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም "ጊዜ ጨምርለት፣ ሥዕል ተጠቀም፣ ጥያቄ ቀንስ" የሚለውን ምክር እኔም ከሰው ሰምቼው ነበር፣ ሰምቼም ሦስቱንም አድርጌ ነበር፣ ልጁ ግን አላነበበም።

መጀመሪያ ግን የሚከብደው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ዲስሌክሲያ የዓይን ችግር አይደለም፣ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ድምፅንና ምልክትን ማገናኘቱ ላይ፣ ያንንም ፈጥኖ ማድረጉ ላይ ነው። እንደ እኛ ፊደል ምልክቱ ድምፁን በአብዛኛው በታማኝነት በሚነግርበት ጽሕፈት፣ ከስህተቱ ይልቅ ዝግታው ጎልቶ ይታያል። ልጁ ብዙ ቃላት ላይ በመጨረሻ ይደርሳል። ሲደርስ ግን የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ወጥመዶች አሉት። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ምልክት ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ብዙዎቹ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ቡ እና ቢን እስኪ ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ሁለቱም ላይ ቀኝ እግራቸው ላይ አጭር ጭረት አለች። በአንደኛው ወገቡ ላይ፣ በሌላኛው ከታች። ልዩነቱ ይኸው ነው። ጠ እና ጨ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ ደግሞ የሚለያዩት በምትጨመር ትንሽ ነገር ነው። ሳድሱ ሌላ ጣጣ አለው። "ትምህርት" የሚለው ቃል አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው። አንድ በአንድ እየጠራ የሚያነብ ልጅ "ትእ፣ ምእ፣ ህእ፣ ርእ፣ ትእ" ይልና ከዚያ ውስጥ ቃሉ አይሰማውም። በዚህ ላይ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይታይም። "ዋና" ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ዋነኛ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው። የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ የጠፋበት ልጅ ታዲያ በምን ይለየዋል?

ስለዚህ ምንም ከመቀየሬ በፊት ሁለት ነገር ለካሁ። 15 ደቂቃ አልፈጀም። አንደኛ፣ ሥዕል የሌለበት አዲስ ምንባብ ሰጥቼው ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። 19 ቃላት ሞከረ፣ 4ቱን ሳተ። ብዙ አስተማሪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ ልጁ ከ10 ቃላት ከአንድ በላይ የሚስት ከሆነ ምንባቡ ብቻውን ሊያነበው ከሚችለው በላይ ነው። የሱ ስህተት ከአምስት አንድ ገደማ ነበር። ሁለተኛ፣ የዚያኑ ምንባብ ቀሪውን ክፍል እኔ አነበብኩለትና "ምን ይላል?" አልኩት። ሁሉንም ነገረኝ። እንዲያውም "ግን ዝናብ ሲሆንስ ንቦቹ ምን ያደርጋሉ?" ብሎ ምንባቡ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቀኝ።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው ትምህርቱን የሚወስነው። ሰምቶ የመረዳት ችሎታው ከክፍሉ ልጆች አያንስም። አንብቦ የመረዳቱ ነገር ግን ገና በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቶም ባይገባው ኖሮ የቃላት ዕውቀቱ ላይ ወይም ሌላ ነገር ላይ መስራት ነበረብኝ፣ የማስተካከያውም ዓይነት ሌላ ይሆን ነበር። አሁን ግን ሀሳቡን ማቅለል እንደማያስፈልግ አወቅኩ። ማሳጠሬ ራሱ ስህተት ነበረው። የክፍሉ ልጆች ንቧ አቅጣጫን እንዴት እንደምታመለክት ሲያወሩ፣ እሱ የተሰጠው በአብዛኛው "ንብ ማር ትሰራለች" ዓይነት ነገር ነበር። ያንን ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል።

ስለዚህ አሳጥሬ የሰጠሁትን ጥዬ የክፍሉን ሙሉ ምንባብ መለስኩለት። 110 ቃላት ገደማ ነው። ግን 110ሩንም እሱ አያነብም። ፍጥነትን ማስተካከል ስንል ብዙዎቻችን "ቀስ ብለህ አንብብ፣ ጊዜ አለህ" ማለት ይመስለናል። እሱ እኮ ቀስ ማለት አልጎደለውም። ከሌሎቹ 10 ደቂቃ በላይ ከዚያ ወረቀት ጋር መታገል ድካም ነው የሚጨምርበት። እኔ የቀነስኩት በአንድ ጊዜ የሚገጥመውን የቃል ብዛት ነው፣ የጨመርኩት ደግሞ ድግግሞሹን። ከምንባቡ መካከል የሀሳቡ አስኳል ያለበትን 25 ቃላት መረጥኩ። እነዚህ የእሱ ናቸው። ቀሪውን እኔ ሳነብ በጣቱ እየተከተለ ይሰማል።

25ቱ ቃላት እነዚህ ነበሩ፦

ሰራተኛ ንብ አበባ ስታገኝ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። ከዚያ በእህቶቿ ፊት እየተወዛወዘች ትጨፍራለች። ጭፈራዋ አበባው የሚገኝበትን አቅጣጫ ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ከተወዛወዘች አበባው ሩቅ ነው ማለት ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከዋናው ክፍለ ጊዜ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ከ25ቱ ውስጥ እንደሚያስቸግሩት የገመትኳቸውን 5 ቃላት በካርድ ጽፌ ለ10 ደቂቃ ብቻ አብረን አየናቸው፦ ስታገኝ፣ ትመለሳለች፣ እየተወዛወዘች፣ ትጨፍራለች፣ የሚገኝበትን። ማታ እናቱ አንድ ጊዜ ደገመችለት። "አስተማሪ፣ ሌላም ላስጠናው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። አምስት ቃል ይበቃል። ስድስተኛው ሲጨመር የመጀመሪያዎቹ እንደሚላሉበት አይቻለሁ።

በክፍለ ጊዜው ያንኑ 25 ቃል ሦስት ጊዜ አነበብነው። መጀመሪያ እኔ ሳነብ እሱ በጣቱ ተከተለ። ቀጥሎ አብረን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አነበብን። ሦስተኛውን ብቻውን። ሦስቱም ጊዜ ግን ምክንያት ነበረው። ዝም ብሎ "ድገመው" የተባለ ልጅ ቅጣት ነው የሚመስለው። ለመጀመሪያው "ንቧ ምን እንደምታደርግ ስማ" አልኩት። ለሁለተኛው "ርቀቱ በምን እንደሚታወቅ የምትነግረዋን መስመር ፈልግ"። ለሦስተኛው ደግሞ "አሁን ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር አድርገህ አንብብልኝ"።

ቃል ላይ ሲቆም ምን ላድርግ የሚለው ለብቻው ከብዶኝ ነበር። ድሮ ወዲያው ቃሉን እነግረው ነበር፣ ስላሳዘነኝ። አሁን በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ጣቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ እየሰራ ነውና እተወዋለሁ። ጣቱ ቆሞ ዓይኑ ወደ እኔ ከመጣ የቃሉን የመጀመሪያ ቁራጭ ብቻ እሰጠዋለሁ። ያም ካልሰራ ቃሉን እነግረውና እናልፋለን፣ ምክንያቱም አንድ ቃል ላይ ግማሽ ደቂቃ ከጠፋ ዓረፍተ ነገሩ አለቀለት። ድካሙም ምልክት አለው። መስመር መዝለል ይጀምራል፣ ወይም የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ ሌላ ቃል ይላል፣ "ትመለሳለች" የሚለውን "ትመጣለች" ብሎ። ሲመቸው የማይሳሳተውን መሳሳት ሲጀምር 12 ደቂቃም ቢሆን 8 ደቂቃም ቢሆን ንባቡ ይቆማል። ቀሪው ጊዜ ወደ ጆሮና ወደ አፍ ይዞራል።

ጮክ ብሎ በተራ ማንበብ ላይ ደግሞ ከእሱ ጋር ስምምነት አደረግን። በክፍል ውስጥ ድንገት ስሙን አልጠራም። ማንበብ ከፈለገ ቀድሞ የተለማመደው ቁራጭ የሱ ነው፣ መቼ እንደሚደርሰውም ያውቃል። ከዚያ በፊት ተራው እስኪደርስ ድረስ የሌሎቹን ንባብ አይሰማም ነበር። ስንት ልጅ እንደቀረው እየቆጠረ የራሱን መስመር ፈልጎ በፍርሃት ይሸመድድ ነበር። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። በሥዕል ማገዝ ክፋት የለውም። ጥያቄው ሥዕሉ ምን ስራ ይሰራል ነው። የቃሉን አሠራር የሚያሳይ እገዛ ልጁን ወደ ቃሉ ይመልሰዋል። መልሱን የሚናገር ሥዕል ደግሞ ከቃሉ ያርቀዋል። እኔ ሁለቱን ቦታ አቀያየርኳቸው። ሥዕሉ ከንባቡ በኋላ መጣ፣ ከንባቡ በፊት የመጣው የገጹ አቀማመጥ ነው።

ገጹን እንዲህ አደረግኩት። ፊደሉን ከፍ አደረግኩ፣ በቃላትና በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ጨመርኩ፣ መስመሩንም ሀሳቡ በሚያርፍበት ቦታ ሰበርኩት። ረጃጅሞቹን ቃላት ደግሞ በነጥብ ከፋፈልኳቸው፦

ሰራተኛ ንብ
አበባ ስታ·ገኝ
ወደ ቀፎዋ ትመለሳ·ለች።

ከዚያ በእህቶቿ ፊት
እየ·ተወዛወዘች ትጨፍራ·ለች።

ጭፈራዋ
አበባው የሚ·ገኝ·በትን አቅጣጫ ያሳያል።

ለረጅም ጊዜ ከ·ተወዛወዘች
አበባው ሩቅ ነው ማለት ነው።

በዚህ ገጽ ትልቁን ስራ የሰራው ነጥቡ ነው። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይለጠፍበታል። "እየተወዛወዘች" ስምንት ፊደል ነው። ለእሱ ስምንት የተለያየ ስራ ነበር። "ተወዛወዘች" የሚለውን አስኳል ለብቻው ካነበበ በኋላ ግን "እየ" ብቻ ነው የቀረው። ከሁለት መስመር በኋላ "ከተወዛወዘች" ሲመጣ ደግሞ አዲስ ቃል አይደለም፣ የሚያውቀው ቃል ላይ "ከ" ተጨምሮበት ነው። ይህንን ራሱ ሲያገኘው ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ጣቱን ወደ ላይኛው መስመር መለሰ፣ ሁለቱን አስተያየ፣ "ቲቸር፣ ይቺ እኮ ያቺው ናት" አለኝ።

ነጥቡ ግን ወሰን አለው። በፊደላችን ቅጥያው ብዙ ጊዜ ከፊደሉ ውስጥ ነው የሚገባው። "ስታገኝ" ውስጥ የግሱ መነሻ አናባቢ ከፊቱ ካለው ጋር ተዋህዶ "ታ" ሆኗል። አንዱን ፊደል ለሁለት መሰንጠቅ አይቻልም። መጀመሪያ ላይ የሰዋስው ትክክለኛነት እያሳሰበኝ "ስ+ት+አገኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ግራ ገባው፣ ምክንያቱም ገጹ ላይ የሌለ ፊደል ነው ያሳየሁት። ከዚያ በኋላ የምከፍለው ለአፍ በሚመች ቦታ፣ ፊደል በሚያልቅበት ቦታ ብቻ ነው። አጫጭሮቹን ቃላት አልነካም። ሁሉም ቃል ላይ ነጥብ ከገባ ገጹ ራሱ ሌላ እንቆቅልሽ ይሆናል።

በተመሳሳይ ምክንያት ቀለሙን ትቼዋለሁ። አንድ ሰሞን ቅድመ ቅጥያ በቀይ፣ አስኳሉ በሰማያዊ፣ መጨረሻው በአረንጓዴ አድርጌ ነበር። ልጁ ቃሉን ትቶ ቀለሙን ማስታወስ ጀመረ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የማሳየው፣ በዚያ ሳምንት የሚያደናግረውን። ለምሳሌ "ጨ" እና "ጠ" የሚምታቱበት ሳምንት "ጨ"ን ከ"ጠ" የምትለየውን ነገር ብቻ በእርሳስ አደምቃለሁ። "ትጨፍራለች" የሚለውን "ትጠፍራለች" ብሎ ነበር የሚያነበው። ገጽ ላይ የሚደረግ ባለቀለም ፕላስቲክ ልግዛለት ወይ ብላ እናቱ ጠይቃኝም ነበር። ለዲስሌክሲያ መፍትሔ መሆኑን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም፣ ችግሩ ዓይን ላይ ስላልሆነ። መስመር ለሚጠፋበት ግን መሀሉ የተቀደደ ካርቶን፣ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ፣ በጣም ጠቅሞናል። ካርቶኑ ፊደል አያስተምርም። የሚያነበውን መስመር አጥቶ ሲፈልግ የሚባክነውን ጊዜ ነው የሚያስቀርለት።

ሥዕሉ የመጣው ከሦስተኛው ንባብ በኋላ ነው። ያውም አንድ ሥዕል አይደለም። አራት ትንንሽ ካርዶች ናቸው፤ ንብ አበባ ላይ፣ ንብ ቀፎ ውስጥ ስትገባ፣ ንብ ስትወዛወዝ፣ ሌሎች ንቦች ሲበሩ። በቅደም ተከተል ደረደራቸው። ከዚያ "ይህንን ከየት አወቅክ?" አልኩት። በየካርዱ ስር መስመሩን በጣቱ ማሳየት አለበት። ይቺ አንዷ ጥያቄ ናት ሥዕሉን የንባብ አገልጋይ ያደረገችው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ያወቀ ልጅ መስመሩን ማሳየት አይችልም።

ጥያቄዎቹንም እንደገና ሰራኋቸው። አምስት የነበሩትን ሦስት አደረግኳቸው፣ ግን ከባዱን አላወጣሁም። ሰው ጥያቄ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የሚያመራምረውን ጥያቄ ነው፣ "ቀፎ ውስጥ የገባችው ማን ናት?" የሚለው ይቀራል። እኔ በተቃራኒው አደረግኩ። ያስቀረሁት ይህንን ነው፦ "ንቧ ለአጭር ጊዜ ብቻ ብትወዛወዝ አበባው የት ይሆናል? በምን አወቅክ?" መልሱ ምንባቡ ውስጥ በግልጽ የለም። "ለረጅም ጊዜ ከተወዛወዘች ሩቅ ነው" የሚለውን አንብቦ መገልበጥ ያስፈልጋል። እሱ "ቅርብ" አለኝ፣ የመጨረሻውን መስመር በጣቱ መትቶ። ከሥዕሉ ሊያገኘው አይችልም ነበር፣ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ አበባው ሩቅ ነበርና።

መልሱን የሰጠኝ በቃል ነው። ጥያቄን ከሰሌዳ መገልበጥ ሙሉ በሙሉ ቀረለት። ከዚያ በፊት ጊዜው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነበር። ጥያቄዎቹን ገልብጦ ሳይጨርስ ደወል ይደወላል፣ ባዶ መስመር ይዞ ይቀራል፣ እኔም "አልገባውም" ብዬ ነጥብ እሰጣለሁ። የለካሁት የመገልበጥ ፍጥነቱን ነበር። አሁን የሚጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፊደል ስህተት ቢኖር በዚያ ሰዓት አላርምም፣ እዚያ የምለካው መረዳቱን ነውና። "አበባው ቅርቢ ነው" ብሎ ቢጽፍ መልሱ ልክ ነው። ብ እና ቢ መምታታታቸውን ማስታወሻዬ ላይ እይዛለሁ፣ በሌላ ሰዓት እንመለስበታለን።

ይህ "ሌላ ሰዓት" የግድ መኖር አለበት። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ልጁ ከክፍሉ ጋር አንድ ምንባብ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ነው። ማንበብ አያስተምረውም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። ገጹን ማስፋት ፊደልን ከድምፅ ጋር አያጣብቅም፣ ሳነብለት መስማቱም እንደዚሁ። ያ በቀጥታ፣ በቅደም ተከተል፣ በብዙ ድግግሞሽ መሠራት አለበት። እኛ በሳምንት አራት ቀን 15 ደቂቃ ያዝን። ድምፅ በጆሮ መለየት፣ ሁለት የሚምታቱ ፊደላትን ጎን ለጎን ማንበብና መጻፍ፣ ሳድሶችን ሰብስቦ በክፍለ ቃል ማንበብ፣ "ትም·ህርት" እንደሚባለው። አሰልቺ ነው። ግን ይህ ከሌለ ማስተካከያው ልጁን ስለ ንብ ብዙ የሚያውቅ፣ ማንበብ ግን የማይችል አድርጎ ያስቀረዋል።

መሻሻሉን የምለካበት መንገድም ላይ ተታልዬ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ያንን 25 ቃል ሲያነብ ይሮጥ ነበር። ደስ ይላል፣ ግን ሦስት አራት ጊዜ ያነበበው ነው፣ ግማሹን በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ነጥብም ሥዕልም የሌለበት፣ አይቶት የማያውቀው ምንባብ ለ1 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ሁለት ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ፣ ስንት ሞከረ፣ ስንት ሳተ። የሳታቸውን ቃላት ደግሞ እንዳላቸው አድርጌ እመዘግባለሁ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ሳምንት የሚነግረኝ እሱ ነው። "ቀፎዋ"ን "ቀፎ" ካለ መጨረሻውን እየጣለ ነው። "ትጠፍራለች" ካለ "ጨ"ን የምትለየውን ነገር አላያትም። "እየተዋወዘች" ካለ መሀሉን ዘሏል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ስህተት አይደሉም፣ የሚፈልጉትም እገዛ የተለያየ ነው።

ከ10 ሳምንት በኋላ 31 ቃል ሞክሮ 2 ሳተ። ለአራተኛ ክፍል አሁንም በጣም ዝግ ያለ ነው፣ ይህንን ለእናቱም አልደበቅኳትም። ፍጥነቱ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፣ ያ በዲስሌክሲያ የተለመደ ነው። ስህተቱ ግን ከአምስት አንድ ከመሆን ከ15 አንድ ገደማ ወደመሆን ወርዷል። ነጥቦቹንም ቀስ በቀስ አነሳናቸው። በመጀመሪያ ከዚህ በፊት ካያቸው ቃላት ላይ፣ ቀጥሎ ከሁሉም። አሁን ራሱ በእርሳስ ያስገባቸዋል፣ ሲያስፈልገው ብቻ። አንዳንዴ እኔ በማልከፍልበት ቦታ ይከፍላል። እተወዋለሁ፣ ለእሱ አፍ ከተመቸው።

ባለፈው ሳምንት ነጥብም ሥዕልም የሌለበት ገጽ ሰጠሁት፣ አዲስ ምንባብ፣ ስለ ጉንዳኖች። ሦስተኛው መስመር ላይ "የሰራተኛዋ ጉንዳን ዋና ስራ ምግብ መሰብሰብ ነው" ይላል። "ዋና"ን አላልቶ፣ ልክ እንደ ውሃው ዋና አነበበው። ልናገር ነበር፣ አምስት ድረስ መቁጠሬን አስታውሼ ተውኩት። "ስራ" የሚለውን አነበበ። "ምግብ" የሚለው ላይ ደረሰና ጣቱ ቆመ። ወደ እኔ ግን አላየም። ጣቱን ወደ ኋላ አምጥቶ "ዋና" ላይ አሳረፈውና በዝግታ፣ "ና"ን አጥብቆ አነበበው። ከዚያ ቀጠለ።